የእናቶቻችንን ድምፅ የት ላይ እንቁረጠው?

በማኅበራችን አባላት ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ረጃጅም ቀረጻዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ዘንድ አያቱ ስለ ሱዳን መንገድ ያወሩበት አንድ ሰዓት ተኩል አለ። ሌላዋ ዘንድ ከጎንደር የቀሩ ዘመዶች በካሴት ሞልተው የላኩት ሰላምታ አለ፤ የአንዱ ወገን 30 ደቂቃ፣ የሌላው ወገን 30 ደቂቃ። ለሲግድ ወይም ለትምህርት ቤት ሥራ ተብለው የተቀረጹም አሉ። ሁሉም ያላቸው ችግር አንድ ነው፤ ረጅም ስለሆኑ የሚያዳምጣቸው የለም። የልጅ ልጅ 94 ደቂቃ የሆነ ፋይል ሲላክለት «ቆይቼ እሰማዋለሁ» ይላል፤ ያ «ቆይቼ» ደግሞ አይመጣም።

ስለዚህ ቀረጻው በክፍል በክፍል መለያየት እንዳለበት እንስማማለን። የማንስማማው በአቆራረጡ ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኮምፒውተሩ ራሱ ዝምታ ባገኘበት ሁሉ እንዲቆርጥ መተው ነው። ሁለተኛው ሰው ተቀምጦ አዳምጦ፣ ነገሩ የሚለወጥበትን ደቂቃና ሴኮንድ ጽፎ፣ በዚያ ብቻ መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው ግማሽ ቀን ይወስዳል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ዘፈን ላለበት ካሴት የመጀመሪያው ይበቃል፤ ሽማግሌ ለሚያወሩበት ቀረጻ ግን ሁለተኛው ብቻ ነው የሚገባው። ምክንያታችንን በዝርዝር እናስረዳለን።

መጀመሪያ ማሽኑ ዝምታን እንዴት እንደሚያውቅ እንይ። ኮምፒውተር ቃል አይሰማም፤ የድምፁን ጉልበት ብቻ ይለካል። መለኪያው ዴሲቤል ነው። በቀረጻ ውስጥ ከፍተኛው ድምፅ 0 ይባላል፤ እየቀነሰ ሲሄድ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፦ -20፣ -40፣ -60። ዝምታ ፈላጊው ፕሮግራም ከእኛ የሚጠይቀው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው «ከስንት በታች የወረደውን ዝምታ ልበለው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ስንት ሴኮንድ ሲቆይ ነው ዝምታ የምለው?» ይላል። በነፃ በሚገኘው በኦዳሲቲ ይህ ሥራ በ`Analyze` ሥር `Label Sounds` የሚባለው ነው፤ ምንም ካልነካነው -30 ዴሲቤልና 1 ሴኮንድ ብሎ ይጠብቀናል።

ይህ አሠራር ለዘፈን ካሴት ጥሩ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘፈን ሲያልቅ ከሁለት እስከ አራት ሴኮንድ ያህል የካሴቱ ሽርሽርታ ብቻ ይቀራል፤ ቀጣዩ ዘፈን በሙሉ ጉልበት ይገባል። በዘፈኑና በክፍተቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ሰፊ ነው፤ ክፍተቱም በእርግጥ የአንድ ነገር መጨረሻ ነው። አሥር ዘፈን ካለ አሥር ክፍል ይወጣል። ቤታችሁ የድሮ የዘፈን ካሴት ካለ በዚህ መንገድ ቁረጡት፣ ጊዜ አታባክኑ።

በሽማግሌ ወሬ ግን ዝምታው መጨረሻ አይደለም። ይህን በምሳሌ እንየው፤ ምሳሌው ከማኅበራችን ቤተሰቦች የአንዱ ነው፣ ስም አንጠቅስም።

እናትየዋ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩት እዚሁ ናታንያ ነው። ከአርማጭሆ ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ የ1976 ዓ.ም. ክረምትን በኡም ራኩባ ሰፈር አሳለፉ፤ በ1977 ደግሞ በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል መጡ። የልጅ ልጃቸው በስልኩ 94 ደቂቃ ቀረጻቸው። ቀረጻውን እንዲያስተካክልላቸው ቤተሰቡ ለአንድ ቦታ ሰጠ። እዚያ ያለው ሰው ፕሮግራሙን በተቀመጠበት ቁጥር አሠራውና 68 ቁራጭ አድርጎ መለሰላቸው። ቁራጮቹ ከ1 እስከ 68 ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም። ቤተሰቡ በዋትስአፕ ቡድኑ ውስጥ ለቀቃቸው።

በ31ኛው ቁራጭ መጨረሻ ላይ እናትየዋ «ልጁን እዚያው ትቼው ሄድሁ» ይላሉ። ቁራጩ በዚህ ያበቃል። እስራኤል የተወለደችው ትንሿ ልጃቸው ቡድኑን ስትከፍት መጀመሪያ ያገኘችው ይህንን ነበር። ከእርሷ በፊት ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ እንዴት እንደሞተ ግን በቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ለሁለት ቀን እናቷን መጠየቅ አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ለታላቅ እህቷ ደውላ «እማዬ ልጇን ጥላ ነው እንዴ የመጣችው?» አለቻት።

በሙሉው ቀረጻ ከዚያ ዓረፍተ ነገር በኋላ 9 ሴኮንድ ዝምታ አለ። ከዝምታው በኋላ እናትየዋ እንዲህ ይቀጥላሉ፦ «እኔም ታምሜ ነበር እኮ። በመኪና ጭነው ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ ለአክስቱ ሰጠሁት።» ይህ 32ኛው ቁራጭ ነው። ለኮምፒውተሩ 31 እና 32 ሁለት ነገር ናቸው። ለሚያውቅ ሰው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ መሃሉ ላይ ያለው 9 ሴኮንድም የዚያ ዓረፍተ ነገር አካል ነው። እናትየዋ ዝም ያሉት ነገሩን ስለጨረሱ ሳይሆን ለመቀጠል ስለከበዳቸው ነው።

ማኅበራዊ ሥራ የምንማር ተማሪዎች ይህን ከክፍል ውስጥም እናውቀዋለን። ሰው ከባድ ነገር ሲናገር ረጅሙ ዝምታ የሚመጣው በአንድ ርዕስ መሃል፣ ከዋናው ነገር አጠገብ ነው። ከርዕስ ወደ ርዕስ ሲሻገር ግን ብዙ ጊዜ ዝም አይልም፤ «ደግሞ ያኔ» ብሎ ሳይተነፍስ ያልፋል። ስለዚህ በዝምታ የሚቆርጥ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለ ወሬ ሥራውን ገልብጦ ይሠራል ማለት ይቻላል፦ መያያዝ ያለበትን ይለያያል፣ መለየት ያለበትን ያያይዛል። በዚያ ቀረጻ ላይ ከጋብቻቸው ወደ መንገዱ ታሪክ የተሻገሩት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ፕሮግራሙ በዚያ አልቆረጠም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቋንቋችን ነው። በአማርኛ ግሱ በመጨረሻ ይመጣል። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንደሆነ፣ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለው በመጨረሻው ቀለም ላይ ይንጠለጠላል። «አልተውሁትም» በሚለው ውስጥ የመጨረሻዋ «ም» ከንፈር ገጥሞ በአፍንጫ የምትወጣ ደካማ ድምፅ ናት። ሽማግሌ ሲናገር ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ ያልቅና ድምፁ ይወርዳል። የዝምታ ወሰኑ -30 ላይ ከተቀመጠ ያቺ መጨረሻ -35 ላይ ብትሆን ለማሽኑ ዝምታ ናት። ቁራጩ እርሷን ሳይይዝ ሊያልቅ ይችላል። ይህ እንደደረሰ ማወቅ ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን ቁራጭ የመጨረሻ አምስት ሴኮንድ ስታዳምጡ ግሱ ተቆርጦ ከተሰማችሁ፣ ወይም ቃሉ በድንገት እንደተዘጋ በር ከሆነ፣ ወሰኑ ከፍ ብሏል።

ሦስተኛው እጅግ የሚቆጨን ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን «አዎ» ለማለት ሁልጊዜ አፍ አያወጡም። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው «እ» ይላሉ። እዚህ አገር የተወለደ ሰው የደነገጡ ይመስለዋል፤ እኛ ግን መልስ መሆኑን እናውቃለን። ያ የተሳበ ትንፋሽ በጣም ቀጭን ነው። በዚያ 94 ደቂቃ ውስጥ የልጅ ልጁ «አያቴ፣ አንቱ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ልጁ አርፎ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያ ትንፋሽ ነው፣ ሌላ ቃል የለም። ፕሮግራሙ ዝምታ ያለውን ሁሉ ከቁራጮቹ ውጭ እንዲጥል ተደርጎ ስለነበር መልሱ በ68ቱ ቁራጮች ውስጥ የትም የለም። ጥያቄው አለ፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ይጀመራል። ቤተሰቡ አርባ ዓመት ያልጠየቀው ጥያቄ ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ መልሱ እንደ ባዶ ቦታ ተጣለ። ዋናው የስልክ ፋይል ባይቀመጥ ኖሮ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

«ታዲያ ወሰኑን ዝቅ ማድረግ ነዋ» የሚለን ይኖራል። ትክክል ነው፣ ይረዳል፤ ግን ድንበር አለው። ወሰኑን ለማስተካከል ማንም የማያወራበትን ሦስት ሴኮንድ ፈልጋችሁ የክፍሉን የራሱን ድምፅ ትለካላችሁ። በዚያ ሳሎን የአየር ማቀዝቀዣውና የመንገዱ ድምፅ -48 አካባቢ ነበር፤ የእናትየዋ ደካማ ንግግር ደግሞ -36 አካባቢ። ወሰኑ ከሁለቱ መካከል፣ -42 ላይ ቢቀመጥ ንግግሩ አይቆረጥም። የተሳበው ትንፋሽ ግን እርሱም ከክፍሉ ድምፅ ብዙም አይበልጥም፤ ወሰኑን እርሱን እስኪይዝ ብናወርደው ማሽኑ የአየር ማቀዝቀዣውንም እንደ ንግግር ይቆጥረውና ዝምታ የሚባል ነገር አያገኝም። ቡና የሚወቀጥበት ወይም ቴሌቪዥን የተከፈተበት ቤት ከሆነማ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል።

በዚህ ላይ የድሮ ካሴት መቅረጫዎችና ብዙ ስልኮች የድምፁን መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ሰው ሲናገር ዝቅ፣ ዝም ሲል ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ዝምታው በረዘመ ቁጥር ሽርሽርታው እያበጠ ይመጣል። ከካሴት የተገለበጠ ቀረጻ ስታዳምጡ ሰውዬው ዝም ሲሉ ከኋላ እንደ ዝናብ የሚጨምር ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲህ ባለ ቀረጻ ላይ ረጅሙ ዝምታ ዝምታ መሆኑ ይቀራል፣ አጭሩ ግን ይቆረጣል። አንድ ቋሚ ቁጥር ለሁለቱም አይሠራም።

እንግዲህ እኛ የምንመርጠው አሠራር እንዲህ ነው። ያንኑ የ94 ደቂቃ ቀረጻ ከልጅ ልጁ ጋር ሆነን እንደገና ስለሠራነው፣ በእርሱ እናሳያለን።

መጀመሪያ ዋናው ፋይል አይነካም። ከስልኩ እንደወጣ፣ ስሙም ሳይቀየር በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ሥራው የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ግልባጩን ዋቭ በሚባለው ያልታመቀ ዓይነት እናደርገዋለን፤ 94 ደቂቃው ባንድ ቻናል ወደ 500 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ ድምፁን ከነበረው የተሻለ አያደርገውም። ጥቅሙ የታመቀ ፋይል በተቆረጠና በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ሊታመቅና ጥራቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ያንን ማስቀረቱ ነው።

ቀጥሎ ሰው ያዳምጣል። ወረቀት ይዘን፣ ሳናቋርጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። የምንጽፈው ነገሩ የሚለወጥበትን ሰዓት ብቻ ነው፦ ቦታው ሲለወጥ፣ ዘመኑ ሲለወጥ፣ ወይም ጠያቂው አዲስ ነገር ሲጠይቅ። አንድ ደንብ አለን፦ ክፍሉ በጠያቂው ጥያቄ ይጀምራል እንጂ በመልሱ አይጀምርም። «አይ፣ እርሱ አይደለም» ብሎ የሚጀምር ክፍል ለብቻው ሲሰማ ትርጉም የለውም።

ይህን ስናደርግ 9 ክፍል ወጣ። ከስምንት ደቂቃ ተኩል እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚረዝሙ ናቸው፤ አንድ ሰው ከናታንያ ወደ ሥራው በአውቶቡስ ሲሄድ አንዱን ሊጨርስ ይችላል። ኦዳሲቲ የክፍሎቹን ዝርዝር ከተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀበላል። በየመስመሩ መጀመሪያው ሴኮንድ፣ መጨረሻው ሴኮንድና ስሙ ይጻፋል፤ በመካከላቸው የ`Tab` ቁልፍ ይመታል። 41 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ማለት 41 ሲባዛ በ60 ሲደመር 20፣ ማለትም 2480 ነው። የእኛው ፋይል መሃል ይህን ይመስላል፦

```
1770	2480	04_የሌሊት_ጉዞ
2480	3365	05_ኡም_ራኩባ_1976ዓም_1984
3365	4000	06_ከክረምቱ_በኋላ
```

ይህን በ`File`፣ `Import`፣ `Labels` ስታስገቡት ምልክቶቹ ከድምፁ ሥር ይታያሉ። ወይም እያዳመጣችሁ `Ctrl+M` ብትመቱ ባለበት ላይ ምልክት ይተክላል። ከዚያ እያንዳንዱን ድንበር አጉልታችሁ ታያላችሁና ምልክቱን ከቃል ጠርዝ ላይ አንሥታችሁ ክፍተቱ መሃል ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ሲያልቅ በ`Export Audio` ውስጥ `Multiple Files` መርጣችሁ በምልክቶቹ መሠረት እንዲያወጣ ታዝዙታላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ምልክት ከሆነ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለ ቦታ አይወጣም፣ ይቀራል። ስለዚህ የአንዱ መጨረሻ የቀጣዩ መጀመሪያ መሆን አለበት፣ ከላይ እንዳደረግነው።

ስለ ስሙም ሁለት ቃል። ቁጥሩ 01፣ 02 ተብሎ ይጀመር፤ አለዚያ ክፍሎቹ ከአሥር ሲያልፉ ብዙ መሣሪያዎች 10ን ከ2 በፊት ይደረድሩታል። ዓመቱ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። እናትየዋ «በ76 ክረምት» ሲሉ የእኛን አቆጣጠር ነው የሚሉት፤ በፈረንጅ 1984 ነው። እዚህ አገር የተማረ የልጅ ልጅ ግን 76ን 1976 ብሎ ያነብና ታሪኩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1977 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በፈረንጅ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ስህተቱን የሚያየው።

ዝምታ ፈላጊውን ጨርሶ አንጥለውም። እንደ ረዳት እንጂ እንደ መቁረጫ አንጠቀምበትም። ለምሳሌ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ምንም ሳይቆርጥ የረጃጅም ዝምታዎችን ሰዓት ብቻ ዘርዝሮ ይሰጣል፦

```
ffmpeg -i full.wav -af silencedetect=noise=-42dB:d=3 -f null -
```

እዚህ ላይ ከ-42 በታች ሆኖ 3 ሴኮንድ የቆየውን ሁሉ አሳየኝ ማለታችን ነው። የሚመጣው ዝርዝር `silence_start` እና `silence_end` እያለ ሰዓቱን ይነግረናል። እኛ ያንን የምንጠቀመው በተቃራኒው ነው፦ በዝርዝሩ ላይ ረጅም ዝምታ ያለባቸውን ቦታዎች ሄደን ደግመን እናዳምጣለን፣ በዚያ እንዳንቆርጥ። የ9 ሴኮንዱን ዝምታ ለሚፈልግ ሰው ዝርዝሩ በቀጥታ ይወስደዋል። `Truncate Silence` የሚባለውን፣ ዝምታን ሁሉ የሚያሳጥረውን ትእዛዝ ግን በእንዲህ ያለ ቀረጻ ላይ ፈጽሞ አትንኩት።

ሲያልቅ ሦስት ምርመራ እናደርጋለን። የክፍሎቹ ርዝመት ሲደመር ከሙሉው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ እኛ ዘንድ 5640 ሴኮንድ፣ 94 ደቂቃ መጣ። ከጎደለ የሆነ ቦታ ድምፅ ጥለናል ማለት ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ክፍል የመጀመሪያና የመጨረሻ አምስት ሴኮንድ እናዳምጣለን። በመጨረሻም ታሪኩን የማያውቅ አንድ ሰው አንድ ክፍል ብቻ ሰምቶ የተረዳውን ይነግረናል። የተረዳው ከሙሉው ታሪክ ጋር የሚቃረን ከሆነ አቆራረጡ ስህተት ነው፤ ድንበሩ መንቀሳቀስ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ እርምጃ አለ፤ አቋማችን የሚቆመውም በእርሱ ላይ ነው። ድንበሮቹን ለባለታሪኳ አሳየናቸው። ዘጠኙን ርዕስ አነበብንላቸው፣ የየክፍሉን መጀመሪያና መጨረሻ አሰማናቸው። እናትየዋ 05ን እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ይሄ ለብቻው አይሄድም። ከመንገዱ ጋር ይሰማ» አሉ። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሲላክ 04 እና 05 አንድ ፋይል ሆነው ይላካሉ። ያ ድንበር በማንኛውም የዴሲቤል ቁጥር አይገኝም፤ ስለ ሰዓቱ የወሰኑት ባለቤቷ ናቸው። ፕሮግራሙ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም፤ እኛ ግን ሳንጠይቅ ብንቀር ሰበብ የለንም።

በእኛ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን፤ ጊዜ የለም የሚለውን። 94 ደቂቃውን በዚህ መንገድ መሥራት ለሁለት ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቷል፤ ማዳመጡ ብቻ ከግማሹ በላይ ወስዷል። የሚሠራና የሚማር ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? መልሳችን፣ ጊዜ ከሌለ አትቁረጡት የሚል ነው። ሙሉውን አስቀምጡና ከጎኑ «በ41ኛው ደቂቃ ስለ ኡም ራኩባ ይጀምራሉ» የሚል አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ። ማንም ሰው በማስታወሻው ተመርቶ ወደ ደቂቃው ሊሄድ ይችላል፤ ከቀረጻው ምንም አይጎድልም። በግማሽ ልብ ከተቆረጠ ቀረጻ ያልተቆረጠ ይሻላል። ማስታወሻው ደግሞ ነገ ጊዜ ሲገኝ የምልክት ፋይሉ ራሱ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ፣ ሰው ሲቆርጥ የራሱን አስተያየት ያስገባል፣ ማሽን ግን አያዳላም የሚለው ነው። ሰው እንደሚያዳላ አንክድም። ርዕስ መስጠት በራሱ መተርጎም ነው። ነገር ግን የሰው ምርጫ ተጽፎ ይታያል፦ 2480 ላይ ለምን እንደቆረጥን ልንጠየቅ፣ ልንከራከርበት፣ ልናንቀሳቅሰው እንችላለን። የማሽኑ -30 ግን ማንም ያልመረጠው፣ ማንም የማይጠየቅበት ውሳኔ ነው፤ ውጤቱ ግን አንዲት ሴት ስለ እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ያሰበችው ሐሳብ ነበር።

በሱዳን መንገድና በሰፈሮቹ ወደ 4,000 ሰው እንደሞተብን ይነገራል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። የብዙዎቹ ታሪክ ያለው በእንዲህ ያሉ ቀረጻዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም በሁለት ዓረፍተ ነገርና በአንድ ትንፋሽ። ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነው። ማንኛውም በማኅበሩ ስም የሚሰበሰብ የወላጅ ቀረጻ ሙሉው ሳይቀመጥ አይቆረጥ። በዝምታ ብቻ አይቆረጥ። የድንበሮቹ ዝርዝር ከቆረጠው ሰው ስም ጋር አብሮ ይቀመጥ። ባለታሪኩ ወይም ባለታሪኳ ድንበሮቹን ሳይሰሙ አንድም ክፍል በቡድን አይለቀቅ። ወደ ዋትስአፕ ስትልኩም እንደ ተራ ፋይል፣ በ`Document` በኩል ላኩት፤ እንደ ድምፅ መልእክት ሲላክ እንደገና ይታመቃልና ያ ቀጭን ትንፋሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ነው።

እናንተም ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁ ስልክ ይዘው «እስቲ ያኔ የሆነውን ንገሩን» ሲሏችሁ ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «የት የት ላይ ልትቆርጡት ነው?» በሏቸው። መልሱን የማያውቅ ልጅ ገና ቀረጻውን አልሰማውም ማለት ነው።